ሁለት ዓመት ከፍላችሁ ዕዳው ለምን አልተነቃነቀም? የባንክ ብድርን የመክፈያ ሰንጠረዥ በራሳችሁ ሠርታችሁ የምታረጋግጡበት መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ከባንክ የተበደረ ሰው ጋ ቁጭ ብላችሁ ስለ ብድር ካወራችሁ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «በየወሩ ሳላጓድል እከፍላለሁ፣ ስቴትመንት ሳወጣ ግን ዕዳው እዚያው ነው፣ ባንኩ ገንዘቤን የት እያደረሰው ነው?» የሚል። ከዚያ ሁለት ነገር ይከተላል። አንዱ ባንኩን ሌባ ብሎ ይሰናበታል፣ ሌላው ደግሞ ሰንጠረዡ ሲሰጠው አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ።

እዚህ የምንሠራው አንድ ነገር ነው። የብድራችሁን ሰንጠረዥ ከዜሮ ተነስታችሁ ራሳችሁ ታወጣላችሁ፣ ከባንኩ ጋር ታመሳክራላችሁ፣ ከዚያ ትርፍ ገንዘብ እጃችሁ ሲገባ መቼና እንዴት እንደምትከፍሉ ታውቃላችሁ። የምንጠቀመው ምሳሌ ይሄ ነው፦ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን ያላት ሴት ክፍሎች ለመጨመር ጥር ላይ 1,000,000 ብር ተበደረች። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፣ የመክፈያው ጊዜ 10 ዓመት ነው፣ በየወሩ እኩል ትከፍላለች። ሴትዮዋ ለምሳሌ የተፈጠረች ናት፣ ስሌቱ ግን እውነተኛ ነው፣ በእናንተ ቁጥር ተክታችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የብድር ውሉን ኮፒ አውጡ። ከሌላችሁ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የፈረማችሁት ውል ኮፒ የእናንተ መብት ነው። ከውሉ ጋር የመክፈያ ሰንጠረዡን፣ እንዲሁም ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ስቴትመንት አምጡ። ከዚያ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተሩን ክፈቱ። ስልኩን ወደ ጎን ስታዞሩት ብዙዎቹ ካልኩሌተሮች የ«ፓወር» ምልክቷን ያወጣሉ፣ እሷ ታስፈልገናለች። ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል ወይም ስልክ ላይ ጉግል ሺትስ ካላችሁ ደግሞ ሥራው ይቀላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መሀል ላይ ቁጥር አታጠጋጉ። 0.832477ን 0.83 ብላችሁ ከቀጠላችሁ የወር ክፍያው በ50 ብር ገደማ ይዛባል፣ ከዚያ «ባንኩ አጭበረበረኝ» ብላችሁ በከንቱ ትጣላላችሁ።

## ደረጃ 1፦ አራቱን ቁጥሮች ከውሉ ላይ አውጡ

የተበደራችሁትን ገንዘብ፣ የዓመት ወለዱን፣ የክፍያውን ብዛት በወር፣ እና የመጀመሪያው ክፍያ የሚጀምርበትን ቀን ጻፉ። በእኛ ምሳሌ 1,000,000፣ 18 በመቶ፣ 120 ወር።

የዓመት ወለዱን ለ12 አካፍሉ። 18 ለ12 ሲካፈል 1.5 በመቶ፣ በአስርዮሽ 0.015 ይሆናል። ከዚህ በኋላ የምንሠራው በዚህች ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የእፎይታ ጊዜ ሲኖር ነው። ውሉ «ስድስት ወር እፎይታ» ካለ ክፍያው ቆመ እንጂ ወለዱ አልቆመም። በስድስት ወር 90,000 ብር ወለድ ይጠራቀማል፣ ይህ ገንዘብ ዋናው ብድር ላይ ይደመር ወይስ ለብቻው ይከፈል እንደሆነ ውሉን አንብቡ። የሚደመር ከሆነ ስሌታችሁን የምትጀምሩት ከተበደራችሁት ሳይሆን ከዚያ ከፍ ካለው ቁጥር ነው።

## ደረጃ 2፦ ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ለዩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። እዚህ ከተሳሳታችሁ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

የባንኩን ሰንጠረዥ ዘርጉና የወለዱን ዓምድ ብቻ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። ከሦስት አንዱን ታያላችሁ።

ወለዱ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ፣ ጠቅላላ የወር ክፍያው ግን ሳይለወጥ የሚሄድ ከሆነ ብድራችሁ በቀሪ ዕዳ ላይ ወለድ የሚታሰብበት፣ በእኩል ክፍያ የሚመለስ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእሱ ነው።

ወለዱም ጠቅላላ ክፍያውም በየወሩ የሚቀንሱ ከሆነ ዋናው ብድር ለ120 እኩል ተካፍሎ፣ የቀሪው ዕዳ ወለድ እየተደመረበት ነው የሚከፈለው። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ወር 8,333.33 ዋና ብድር እና 15,000 ወለድ፣ በድምሩ 23,333.33 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ወር በ125 ብር ይቀንሳል፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሲጀምር ይከብዳል፣ በጠቅላላው ግን ወለዱ ያንሳል።

ወለዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ይሄ ፍላት የሚባለው ነው፣ ምንም ያህል ብትመልሱ ወለዱ ሁልጊዜ መጀመሪያ በተበደራችሁት ላይ ይታሰባል። የአንድ ሚሊዮኑ ብድር በ18 በመቶ ፍላት ቢሆን በየወሩ 23,333.33 ትከፍላላችሁ፣ እስከ መጨረሻው። አያችሁት? የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከላይ ካየነው ጋር አንድ ነው። የሚለዩት በሁለተኛው ወር ነው፣ ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ፍላቱን በቀሪ ዕዳ ላይ ወደሚታሰብ ወለድ ስንቀይረው ከ25 በመቶ በላይ ይወጣል፣ ወረቀቱ ላይ ግን 18 ነው የሚለው።

## ደረጃ 3፦ የወር ክፍያውን አስሉ

በካልኩሌተር በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. 1.015ን በ120 ፓወር አንሱት። 5.969323 ይወጣል።
2. 1ን ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። 0.167523።
3. ያንን ከ1 ቀንሱ። 0.832477።
4. የመጀመሪያውን ወር ወለድ፣ ማለትም 1,000,000 ሲባዛ በ0.015 የሆነውን 15,000 ብር፣ ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። 18,018.52 ብር።

በኤክሴል ወይም በሺትስ ከሆነ ይህን ብቻ ጻፉ፦

```
=PMT(0.18/12,120,-1000000)
```

ብድሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካልገባ መልሱ በኔጌቲቭ ይመጣል። አትደንግጡ፣ ቁጥሩ ያው ነው። መልሱ 180 ሺህ ገደማ ከሆነ ግን 0.18ን ለ12 ማካፈል ረስታችኋል።

አሁን ወደ 3ኛው መስመር ተመለሱ። ያቺ 0.832477 ዝም ብላ የመጣች ቁጥር አይደለችም። ከመጀመሪያው ክፍያችሁ ውስጥ ስንት እጁ ወለድ እንደሆነ የምትነግራችሁ እሷ ናት፦ 83 በመቶ። ያወጣችሁት ደግሞ ከወለዱ መጠንና ከክፍያው ብዛት ብቻ ነው፣ የብድሩ መጠን ስሌቱ ውስጥ አልገባም። አንድ ሚሊዮን ተበደራችሁ አሥር ሚሊዮን፣ በ18 በመቶ ለ120 ወር ከሆነ መጀመሪያው 83 በመቶ ወለድ ነው። ለ36 ወር ብትበደሩ 41 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለ20 ዓመት ከሆነ 97 በመቶ ይደርሳል፣ ማለትም ከመቶ ብር ክፍያ ዕዳችሁን የምትነካው ሦስት ብር ናት። ለመበደር ያሰባችሁ ካላችሁ ይህችን ቁጥር ከመፈረማችሁ በፊት አውጧት።

## ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በእጃችሁ ጻፉ

ሺትስ ቢኖራችሁም ይህን ደረጃ በወረቀት ሥሩት። ጉዳዩ የሚገባው እዚህ ነው።

በየወሩ ሦስት ነገር ብቻ አድርጉ። ቀሪውን ዕዳ በ0.015 አባዙ፣ ያ ወለዱ ነው። ወለዱን ከ18,018.52 ቀንሱ፣ የተረፈው ከዋናው ብድር የሚቀነሰው ነው። የተረፈውን ከቀሪው ዕዳ ቀንሱ፣ ያ ለሚቀጥለው ወር መነሻ ነው።

| ወር | መነሻ ዕዳ | ወለድ | ከዋናው የተቀነሰ | ቀሪ ዕዳ |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 1,000,000.00 | 15,000.00 | 3,018.52 | 996,981.48 |
| 2 | 996,981.48 | 14,954.72 | 3,063.80 | 993,917.68 |
| 3 | 993,917.68 | 14,908.77 | 3,109.75 | 990,807.93 |

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ወለዱ ቀድሞ ይሰላል፣ ዋናው ብድር የሚያገኘው ትርፍራፊውን ነው። መጀመሪያ ላይ ዕዳው ትልቅ ስለሆነ ወለዱ ትልቅ ነው፣ ክፍያችሁ ደግሞ የተቆረጠ ስለሆነ ለዋናው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ወለድ ማለት የገንዘብ ኪራይ ነው። አሥር ክፍል ተከራይታችሁ በየወሩ ቋሚ ገንዘብ ለባለቤቱ ትሰጣላችሁ እንበል። ከዚያ ላይ መጀመሪያ የያዛችኋቸው ክፍሎች ኪራይ ይነሳል፣ በተረፈው ክፍል እየለቀቃችሁ ትሄዳላችሁ። በያዛችሁት መጠን ነው ኪራዩ።

ወደ ሁለተኛው ወር ተመልከቱ። በመጀመሪያው ወር 3,018.52 ብር ስለመለሳችሁ የዚያ ገንዘብ ኪራይ፣ 45.28 ብር፣ ከሁለተኛው ወር ወለድ ላይ ወደቀ። ክፍያው ስላልተለወጠ ያቺው 45.28 ወደ ዋናው ብድር ዞረች፣ 3,018.52 የነበረው 3,063.80 ሆነ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ከዋናው የሚቀነሰው ገንዘብ በየወሩ በ1.5 በመቶ ያድጋል፣ መጀመሪያ ሲታይ ምንም የማይመስል ዕድገት ነው፣ ግን ለ120 ወር ሲሄድ ያቺ ሦስት ሺህ በመጨረሻው ወር 17,752.24 ትደርሳለች። የመጨረሻው ክፍያ ወለድ 266.28 ብር ብቻ ነው።

«ባንኩ ወለዱን ቀድሞ ሰብስቦ ጨረሰ» የሚለው ወሬ ስህተት የሚሆነውም በዚህ ነው። በእያንዳንዱ ወር የከፈላችሁት ወለድ የዚያው ወር ነው፣ የወደፊቱን አልከፈላችሁም። ሴትዮዋ ከሁለት ዓመት በኋላ ፔንሲዮኑን ሸጣ ብድሩን መዝጋት ብትፈልግ የሚጠበቅባት ቀሪው ዋና ብድር ነው፣ 913,569 ብር ገደማ፣ ውሉ ላይ የመዝጊያ ክፍያ ካለ ያ ይጨመራል። የቀሩትን 96 ክፍያዎች ደምሮ 1.7 ሚሊዮን ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ካለ ሰንጠረዡን አውጡና አሳዩት።

## ደረጃ 5፦ ሙሉውን ሰንጠረዥ አውጡ

ሺትስ ላይ ከሆነ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የዓምዶቹን ስም ጻፉ፣ የወር ክፍያውን G1 ላይ አስቀምጡ። ከዚያ፦

```
G1: =PMT(0.18/12,120,-1000000)
A2: 1
B2: 1000000
C2: =B2*0.18/12
D2: =$G$1-C2
E2: =B2-D2
A3: =A2+1
B3: =E2
```

C2፣ D2 እና E2ን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ረድፍ እስከ 121ኛው ጎትቱት። ጂ ላይ ያሉትን የዶላር ምልክቶች ካልጻፋችሁ ስትጎትቱ ፎርሙላው አብሮ ይወርድና ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ከዋናው የተቀነሰው ኔጌቲቭ ይሆናል። ዕዳው እየጨመረ ሲሄድ ካያችሁ መጀመሪያ የምታዩት እሷን ነው።

ትክክል መሥራታችሁን የምታውቁት በመጨረሻው ረድፍ ነው። 121ኛው ረድፍ ላይ ቀሪ ዕዳው ዜሮ መሆን አለበት። ጥቂት ሳንቲም ቢተርፍ ከማጠጋጋት ነው። ሺህ ብር ከተረፈ አንድ ቁጥር ተሳስቷል።

አሁን ሦስት ቦታ ላይ ቁሙና አንብቡ።

24ኛው ወር ላይ፦ የከፈላችሁት በድምሩ 432,444 ብር ነው፣ ዕዳው የቀነሰው ግን 86,431 ብር ብቻ። መጀመሪያ ላይ የጠቀስነው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ሰው ግን ሲፈርም ይህን ረድፍ የሚያሳየው አያገኝም።

60ኛው ወር ላይ፦ ጊዜው እኩሌታ ሆኗል፣ ዕዳው ግን 709,574 ብር ነው። የተመለሰው 29 በመቶ ብቻ። ዕዳው ግማሽ ላይ የሚደርሰው በ84ኛው ወር፣ ሰባት ዓመት ሲሞላ ነው።

75ኛው ወር ላይ፦ ከዋናው የሚቀነሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለዱ ይበልጣል፣ 9,084 በ8,934 ገደማ። ከዚህ ወር ጀምሮ እስከ መጨረሻው 46 ክፍያዎች አሉ። ይህን 46 ያዙት። በ18 በመቶ ወለድ እኩል የምትከፍሉት ማንኛውም ብድር ላይ መዞሪያው የመጨረሻዎቹ 46 ክፍያዎች ጋ ነው፣ ብድሩ የ10 ዓመት ሆነ የ20። ለዚህ ነው የሦስት ዓመት ብድር የወሰደ ጎረቤታችሁ «የኔ ገና ከመጀመሪያው ዋናውን ይቀንሳል» የሚላችሁ። የተሻለ ባንክ አላገኘም፣ ብድሩ ሲጀምርም 36 ክፍያ ብቻ ነበረው።

## ደረጃ 6፦ ከባንኩ ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሩ

የእናንተንና የባንኩን ጎን ለጎን አድርጉ። ወለዱ አንዱ ወር ከፍ፣ ሌላው ወር ዝቅ እያለ ከተለያየ አትጣሉ፣ ምክንያቱ የቀን ብዛት ሊሆን ይችላል። እኛ ዓመቱን ለ12 እኩል ከፈልነው፣ ባንኮች ግን ወለዱን በቀን ማስላት የተለመደ አሠራራቸው ነው። እንዲህ ሲሰላ 31 ቀን ያለው ወር የመጀመሪያው ወለድ 15,287.67 ይሆናል፣ 30 ቀን ያለው 14,794.52፣ 28 ቀን ያለው የካቲት አካባቢ የሚውለው ፌብሯሪ ደግሞ 13,808.22። ለማረጋገጥ ቀሪውን ዕዳ በ0.18 አባዙ፣ በቀኑ ብዛት አባዙ፣ ለ365 አካፍሉ። ገጠመ? እንግዲያው ምንም ችግር የለም።

ቀን ስትቆጥሩ ሰንጠረዡ ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጅ ቁጠሩ። በእኛ ወር ለመቁጠር ስትሞክሩ ጳጉሜ መሀል ላይ ትገባና ሁሉንም ታዛባለች። የክፍያ ቀን በየወሩ 15 በፈረንጅ ከሆነ በኛ አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 7 ላይ ይውላል፣ ይህን ሳያውቁ ዘግይተው ቅጣት የሚከፍሉ አሉ። ስልካችሁ ላይ በፈረንጁ ቀን ማስታወሻ ሙሉ።

ልዩነቱ በመቶዎች ከሆነና በየወሩ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ ግን ሌላ ነገር አለ። ኢንሹራንስ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ዋናው ብድር ላይ ተደምሮ ሊሆን ይችላል። መነሻ ዕዳውን አዩት፣ 1,000,000 ነው ወይስ 1,020,000 ይላል? እጃችሁ የገባውና ውሉ ላይ ያለው ከተለያዩ ብድር ክፍሉ ጋ ሄዳችሁ «ይህ የተጨመረው የምንድን ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

## ደረጃ 7፦ ትርፍ ገንዘብ ሲገኝ ዋናው ላይ አሳርፉት

ሰንጠረዡን የሠራነው በዋናነት ለዚህ ነው። ሴትዮዋ ከተበደረች ዓመት ሞላት፣ ጥር መጣ፣ ለጥምቀት ክፍሎቿ ሁሉ ተያዙ፣ 100,000 ብር ትርፍ አገኘች። 12ኛውን ክፍያ ከከፈለች በኋላ ዕዳዋ 960,634.84 ነው። መቶ ሺውን ዋናው ላይ ብታሳርፍ 860,634.84 ይሆናል፣ የወር ክፍያዋን ሳትቀንስ ብትቀጥል ከ108 ክፍያ ይልቅ 84 ሙሉ ክፍያና አንዲት ትንሽ ማጠቃለያ ብቻ ይቀራታል። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደመች። የምታተርፈው ወለድ 320,600 ብር አካባቢ ነው።

ያንኑ መቶ ሺህ በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ብትከፍለው የሚተርፋት 61,000 ብር አካባቢ ነው። ገንዘቡ ያው፣ ጊዜው ግን ሌላ። መጀመሪያ የተከፈለ ብር ከፊቱ ያሉትን ወራት ሁሉ ወለድ ይቆርጣል፣ መጨረሻ ላይ የተከፈለው ከፊቱ ጥቂት ወር ብቻ ነው ያለው።

አከፋፈሉ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። እንዲህ አድርጉ።

1. ውሉ ላይ ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት ወይም ኮሚሽን ካለ ፈልጉ። ካለ ስንት እንደሆነ አስሉና ከምታተርፉት ወለድ ጋር አወዳድሩ።
2. ገንዘቡን ሂሳባችሁ ላይ አስገብታችሁ ዝም አትበሉ። ሲስተሙ የተለመደውን ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ይቆርጣል፣ የቀረው ቁጭ ይላል፣ ዕዳው አይነካም።
3. ቅርንጫፉ ላይ ማመልከቻ ጻፉ። «ከመደበኛው ወርሃዊ ክፍያ ውጪ ብር 100,000 ከዋናው ብድር ላይ ተቀናሽ እንዲሆንልኝ፣ የወር ክፍያዬም ሳይለወጥ የመክፈያው ጊዜ እንዲያጥርልኝ» የሚል። ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቱ።
4. ክፍያው የሚከፈልበት ቀን ላይ ወይም በማግስቱ አድርጉት። የዚያን ጊዜ የተጠራቀመው ወለድ ከአንድ ቀን ስለማይበልጥ ገንዘቡ በሙሉ ማለት ይቻላል ዋናው ላይ ያርፋል።
5. አዲስ ሰንጠረዥ ጠይቁ።

ማመልከቻው ላይ «ጊዜው ይጠር» የሚለውን አትርሱ። «የወር ክፍያዬ ይቀነስልኝ» ካላችሁ ክፍያው ወደ 16,143 ብር ይወርዳል፣ ጊዜው ግን 108 ወር ሆኖ ይቀራል፣ የምታተርፉት ወለድም 102,600 ብር አካባቢ ነው። ኑሮው ከከበዳችሁ እሱም ክፉ ምርጫ አይደለም። ግን አውቃችሁ ምረጡት እንጂ ኦፊሰሩ ዝም ብሎ አይምረጥላችሁ።

በትክክል መሠራቱን በሚቀጥለው ወር ታውቃላችሁ። መቶ ሺው ዋናው ላይ ካረፈ የ13ኛው ወር ወለድ 12,909.52 ይሆናል። ካላረፈ 14,409.52 ይላል። ልዩነቱ ልክ 1,500 ብር ነው፣ የመቶ ሺህ 1.5 በመቶ። ባንኩ በቀን የሚያሰላ ከሆነ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን 1,500ው አካባቢ ካልቀነሰ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ወራት ካለፉ በኋላ ማስተካከል ጣጣው ብዙ ነው።

## መሀል ላይ ነገር ሲበላሽ

አንድ ወር ካለፋችሁ። 25ኛው ወር ላይ ሳትከፍሉ ቀራችሁ እንበል። የዚያ ወር ወለድ 13,703 ብር ነበር። በሚቀጥለው ወር ሌላ 13,703 ይመጣል፣ በድምሩ 27,407፣ ቅጣቱ ሳይቆጠር። የተለመደውን 18,018 ይዛችሁ ብትሄዱ መጀመሪያ ለቅጣት፣ ከዚያ ለወለድ ይቆረጣል፣ ዋናው ብድር አምስት ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ ያለፈውንና የወሩን ክፍያ አንድ ላይ ለመክፈል ሞክሩ፣ ካልሆነም ቢያንስ ወለዱን ሸፍኑ። የማትችሉ ከሆነ የክፍያው ቀን ከማለፉ በፊት ቅርንጫፉን አነጋግሩ፣ የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ዕዳው ከተበላሸ በኋላ በጣም ይከብዳል።

ባንኩ ወለዱን ከጨመረ። ብዙ ውሎች ላይ ባንኩ ወለድ ማሻሻል እንደሚችል ተጽፏል፣ አንቀጹን ፈልጉ። ከ12ኛው ወር በኋላ 18ቱ 20 በመቶ ቢሆን የወሩ ወለድ ወደ 16,010 ይወጣል። በድሮው ክፍያ ከቀጠላችሁ ለዋናው የሚተርፈው ከ3,609 ወደ 2,008 ብር ይወርዳል፣ ብድሩም ለማለቅ ከ108 ወር ይልቅ 133 ወር ይፈጃል። በጊዜው ለመጨረስ ደግሞ የወር ክፍያው 19,238 ብር አካባቢ መሆን አለበት። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ «ክፍያዬ ነው የሚጨምረው ወይስ ጊዜዬ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከያዛችሁ በኋላ ሺቱ ላይ ከዚያ ወር ጀምሮ ያለውን 0.18 ወደ 0.20 ቀይሩት። ክፍያው ከተቀየረ ግን G1ን አትንኩት፣ ከነካችሁት ያለፉት ወራትም አብረው ይለወጣሉ። አዲሱን ክፍያ H1 ላይ ጻፉና ከዚያ ረድፍ ጀምሮ ወደ ታች ባለው የዲ ዓምድ ላይ $G$1 የሚለውን $H$1 አድርጉት።